«ድምፅ ቀንሱልኝ» አይበቃም
የሕክምና ተማሪ በፈተና ወራት ለቤተሰቡ ምን ብሎ ይጻፍ?

የሕክምና ተማሪ ባለበት ቤት ፈተና ሲቃረብ ኑሮው ይለወጣል። እናት ድስት ስትከድን ትጠነቀቃለች፣ አባት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ታናናሾች በሹክሹክታ ይጫወታሉ። ተማሪዋ «ፈተና ደርሷል፤ እባካችሁ ድምፅ ቀንሱልኝ» ብላለችና። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እሷ «አይረዱኝም» ብላ ታዝናለች፤ ቤተሰቡም «በገዛ ቤታችን እስከ መቼ ታፍነን እንኖራለን?» ማለት ይጀምራል።

እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ክፉ የለም። የተበላሸው ጥያቄው ነው። «ድምፅ ቀንሱ» የሚለው ልመና ማለቂያ ስለሌለው ቤተሰቡን ያደክማል፤ የሚጠይቀው ነገርም ተማሪዋን ብዙ አይጠቅማትም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያውክና ለምን እንደሚያውክ የሚናገር አጭር መልእክት ግን ሊከበር የሚችል ስምምነት ይሆናል። እንዲህ ያለውን መልእክት ለመጻፍ በቅድሚያ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፈተናው ከተማሪው የሚፈልገውን፣ ድምፅም በማስታወስ ችሎታችን ላይ የሚያደርሰውን።

ፈተናው የሚጠይቀው

አገራችን ውስጥ ሐኪም የሚሆን ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውነትን አሠራር ይማራል፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪና የመሳሰሉትን። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ወጥቶ በየዋርዱ እየዞረ ሕመምተኛ አጠገብ ይማራል። ወደ ኢንተርንሽፕ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ተማሪዎች «ኳሊፊኬሽን» የሚሉት ፈተና ይጠብቀዋል። ዝርዝሩ በየትምህርት ቤቱ ቢለያይም ዋናዎቹ ክፍሎች አራት ናቸው፤ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና። በየክፍሉ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከዚያ በላይ ተማሪውን የሚያስጨንቀው ግን ሕመምተኛ አጠገብ የሚሰጠው የቃል ፈተና ነው።

«ሎንግ ኬዝ» የሚባለውን እንመልከት። ተማሪዋ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ሕመምተኛ ይሰጣታል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ የሕመሙን ታሪክ ጠይቃ፣ ሰውነቱን መርምራ፣ በኋላ በፈታኞች ፊት ቆማ ታቀርባለች። ሕመምተኛዋ የ20 ዓመት ወጣት ናት እንበል፤ የመጣችውም «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ብላ ነው። ተማሪዋ ትንፋሽ ማጠሩ መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሣት እንደሆነ፣ በስንት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ፣ እግሯ ያብጥ እንደሆነ መጠየቅ አለባት። ወደ ኋላም ሄዳ በልጅነቷ ጉሮሮዋን አሟት፣ መገጣጠሚያዎቿን እያፈራረቀ ያሳበጠ ሕመም ነበረባት እንደሆነ መጠየቅ አለባት። የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የሩማቲክ ትኩሳት የልብ በሮችን አበላሽቶ ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና፤ በአገራችን ወጣቶች ልብ ላይ ከሚደርሱ ችግሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከጥያቄው በኋላ ምርመራው ይከተላል። ጥርጣሬዋ የግራውን የልብ ክፍል በር መጥበብ ከሆነ፣ ሕመምተኛዋን ወደ ግራ ጎኗ አስተኝታ የስቴቶስኮፑን ደወል መሰል ጎን በልብ ጫፍ ላይ በቀስታ አሳርፋ፣ በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለውን ዝቅተኛ ጉርምርምታ ማዳመጥ ይኖርባታል። ከዚያ ፈታኞቹ ይጠይቃሉ፤ «ይህ ሕመም ምን ሊያስከትል ይችላል? ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጣት ለምንድን ነው?» እያሉ።

ለቤተሰብ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው፤ ተማሪዋ የምታጠናው የተበታተኑ እውነታዎችን ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተልም ታጠናለች። ሕመምተኛዋን ያመጣት ዋና ችግር፣ የአሁኑ ሕመም ታሪክ፣ ያለፈ ሕመም፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ የኑሮ ሁኔታ፣ ከዚያ አጠቃላይ ምርመራ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በየተራ። አንዱ ከተዘለለ ፈታኙ ወዲያው ያውቃል። ድምፅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ይህንኑ ተራ የመያዝ ችሎታ ነው።

የሰው ንግግር ለምን ይለያል?

በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኮል እና ዌልሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች ተከታታይ ፊደላትን አሳይተው በቅደም ተከተላቸው እንዲያስታውሱ ጠየቋቸው። አንዳንዴም በዚያው ጊዜ የጀርመንኛ ንባብ ይሰማ ነበር። አድማጮቹ ጀርመንኛ አያውቁም፤ እንዲያዳምጡም አልተጠየቁም። ሆኖም ንባቡ ሲሰማ ከጸጥታ ይልቅ ብዙ ስሕተት ተፈጠረ። ንግግር ትርጉሙ ባይገባንም እንኳ በአእምሯችን ተራ ይዞ የተቀመጠውን ነገር ያደናቅፋል።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ለቤት ኑሮ በቀጥታ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን ጨመሩ። አንደኛው፣ ንግግሩ ጮክ ማለቱ ወይም ዝቅ ማለቱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ እስከተሰማ ድረስ ያውካል። ስለዚህ አባት የሬዲዮውን ድምፅ በግማሽ ሲቀንስ ለልጁ ያሰበ ቢሆንም ያተረፈላት ጥቂት ነው። ለራሱም ዜናውን በቅጡ ሳይሰማ ይቀራል። ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቀጥል ድምፅ ብዙ አያውክም። የአየር ማራገቢያ፣ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ከሩቅ የሚሰማ የመኪና ጉርምርምታ በቀላሉ ይታለፋሉ። የሚያውከው እየተለዋወጠ የሚሄደው ድምፅ ነው፤ ከዚህም ዓይነት ዋናው የሰው ንግግር ነው። በሙቀጫ ከሚወቀጠው ቡና ይልቅ በቡናው ላይ የሚወራው ወሬ ተማሪዋን ይጎዳታል።

ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ሸክሙ ይቀልለታል። እናት ድስት ስትከድን፣ ወጥ ስታማስል፣ ልብስ ስታጥብ መሳቀቅ አያስፈልጋትም። የሚፈለገው በተወሰኑ ሰዓታት ተማሪዋ ባለችበት አካባቢ ንግግር፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ እንዳይሰማ ብቻ ነው። ከእነዚያ ሰዓታት ውጭ ቤቱ እንደ ወትሮው ይኑር።

ተማሪዋም የራሷ ድርሻ አለባት። ቤተሰቡን ዝም አሰኝታ እሷ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን እየሰማች የምታጠና ከሆነ፣ ግጥም ያለው ዘፈን ያው ንግግር ነውና ከሳሎኑ ቴሌቪዥን አይሻልም። ያለ ድምፅ ማጥናት የማይሆንላት ከሆነ ቃል የሌለውን ሙዚቃ ወይም የማራገቢያን ድምፅ ትምረጥ።

መጽሐፉ ሲከደን

ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳትበት ሌላ ሰዓት አለ። ልጅቷ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ስትታይ ሁሉም ያከብራታል። መጽሐፉን ከድና ጣራ ጣራውን ስታይ ወይም ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ግን «አሁን አረፈች» ተብሎ ትጠራለች፤ «ነይ እስቲ ይቺን ሽንኩርት ክተፊልኝ» ትባላለች። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ከሌላው ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ ትንሽ በተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ የያዙት 42 ከመቶ ሲሆን፣ ሳያዩ ለማስታወስ ከሞከሩት 56 ከመቶውን ይዘው ነበር። ዕውቀት የሚጸናው ከውስጥ ለማውጣት ሲታገሉ ነው፤ ለዚህም ነው መጽሐፍ ከድኖ ለራስ መጠየቅ ከጠንካራዎቹ የጥናት ስልቶች አንዱ የሚባለው።

ስለዚህ ተማሪዋ ዐይኗን ጨፍና «የልብ ድካም ምልክቶች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋናውን ሥራ እየሠራች ነው። በዚያች ደቂቃ «አንድ ጊዜ ብቻ» ተብላ ብትጠራ የያዘችው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ስትመለስም ካቆመችበት መቀጠል አትችልም፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መልእክቱ ይህን ለቤተሰብ በግልጽ መናገር አለበት፤ ሥራ ፈት መስላ የምትታይበት ሰዓት በይበልጥ ሊጠበቅላት የሚገባው ሰዓት ነውና።

እንቅልፍም እንዲሁ። ከ1924 ጀምሮ በተደጋጋሚ እንደታየው፣ ሰው ተምሮ ሲተኛ ተምሮ ነቅቶ ከሚቆይበት ይልቅ የተማረውን ይይዛል። የፈተና ወራት መልእክት ለጥናት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ለእንቅልፍ ሰዓትም ጸጥታ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

መልእክቱ

ለማሳያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ባለው ኮንዶሚኒየም ከወላጆቿ፣ ከአያቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር የምትኖር አንዲት ተማሪ እናስብ። ቀን ሆስፒታል ትውላለች፤ የምታጠናው ማታና ማለዳ ነው። በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የምትልከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ውድ እማዬ፣ አባዬ፣ እምዬ፣ ወንድምዓለም፣ ዋሽንግተን ያለሽው አክስቴም፤

ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 10 የኳሊፊኬሽን ዝግጅቴና ፈተናዬ ነው። በጠቅላላው 70 ቀን ነው። ግንቦት 11 ጠዋት ይህ ሁሉ ያበቃል። ይህን ፈተና ካለፍኩ ኢንተርን ሆኜ ሕመምተኛ ላይ መሥራት እጀምራለሁ፤ ስለዚህ በደንብ አውቄ ልለፈው እፈልጋለሁ።

የምለምናችሁ ሦስት ጊዜዎችን ነው። ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከ2 ሰዓት ከ45 እስከ 4 ሰዓት ከሩብ፣ ጠዋት ደግሞ ከ11 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ተኩል። በእነዚህ ጊዜያት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጥፋ፤ ወሬ ካለ ወጥ ቤት በር ተዘግቶ ይሁን። ድስት፣ ምጣድ፣ ውኃ፣ የቡና ሙቀጫ አይረብሸኝም፤ እማዬ በዚህ እንዳትጨነቂ። የሚረብሸኝ ንግግር ነው፤ በለሆሳስ የሚወራውም ጭምር።

አባዬ፣ የ2 ሰዓቱን ዜና እንደ ወትሮው እንይ። በዚያን ሰዓት መጽሐፌን ዘግቼ እወጣለሁ፤ እራትም አብረን እንበላለን።

መጽሐፍ ሳልይዝ ብታዩኝም በእነዚያ ሰዓታት እያጠናሁ ነው፤ በቃል እየተለማመድኩ ነው። አስቸኳይ ነገር ካለ በሩን አንኳኩ። እሳት፣ ሕመም፣ የሰው ችግር አስቸኳይ ነው። ጨው ማለቁ ወይም የእኔ የቆየ ልብስ ይታጠብ አይታጠብ የሚለው እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ማታ 4 ሰዓት ተኩል ተኝቼ ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ። ተረኛ ሆኜ ባመሸሁ ማግስት ቀን ብተኛ ስንፍና አይምሰላችሁ። አክስቴ፣ እዚያ ማታ ሲሆንልሽ እዚህ ሌሊት ነውና ቅዳሜ ጠዋትሽ ላይ ብትደውዪልኝ ደስ ይለኛል።

የቤት ሥራ ድርሻዬን አልተውም፤ እሑድ ከሰዓት ገበያውንም ልብስ ማጠቡንም እኔ እሠራለሁ። ፋሲካን ሙሉ ቀን ከእናንተ ጋር እውላለሁ። ሰርግና ክርስትና ላይ ስቀር ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ ከግንቦት 11 በኋላ ቤት ለቤት ዞሬ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከእናንተ አንዳችሁ ብትታመሙ ወይም ከቅርብ ዘመዶቻችን አንዱ ቢያርፍ ከእኔ አትደብቁኝ። የሩቅ ዘመድ ከሆነ ከፈተናው በኋላ ይነገረኝ። የሚነግረኝም አባዬ ብቻ ይሁን።

ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ።»

ይህ መልእክት ለምን ይሠራል?

መልእክቱ ከተለመደው ልመና የሚለየው በመጀመሪያ ማብቂያ ስላለው ነው። ሰው ማብቂያው የታወቀ ችግርን ይታገሣል። የተጠየቀው ጸጥታም በቀን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ቤቱ ነጻ ነው። በዚያ ላይ ተማሪዋ የራሷን ዕረፍት አባቷ ዜና በሚያይበት ሰዓት ላይ አድርጋዋለች። ቤተሰቡ የለመደውን ነገር እንዲተው ከመጠየቅ ይልቅ የጥናት ፕሮግራሟን በቤቱ ልማድ ዙሪያ አዋቀረችው። ይህን ለማድረግ መልእክቱን ከመጻፏ በፊት አንድ ሳምንት ያህል የቤቱን ውሎ ልብ ብላ ማየት አለባት፤ እናት ቡና የምታፈላው መቼ ነው፣ ጎረቤት የሚመጣው መቼ ነው፣ አያት የሚተኙት ስንት ሰዓት ነው? በዘፈቀደ የተመረጠ ሰዓት ከሳምንት አያልፍም።

ሁለተኛው ቁም ነገር የማኅበራዊ ኑሮ ነው። በእኛ አገር ከድግስ መቅረት የግል ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰቡ ይጠየቅበታል። «ልጃችሁ ምነው ቀረች?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት እናትና አባት ናቸው። ስለዚህ ተማሪዋ ለእነሱ የሚሉትን ነገር መስጠት አለባት። «ፈተና ላይ ናት፤ ከግንቦት 11 በኋላ መጥታ ትጠይቃችኋለች» የሚል መልስ ቀን ስላለበት ዘመድን አያስቀይምም። ቃሉ ካልተፈጸመ ግን በሚቀጥለው ፈተና ማንም አይሰማትም፤ የተሟሸ ድስት የሚሆነው ያንን ዙር ጥየቃ ስትጨርስ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ስለ ክፉ ወሬ የተጻፈው ነው። ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸው ፈተና ላይ እያለ ሞት ሲደርስ ይደብቃሉ፤ ለልጁ ከማሰብ የተነሣ ነው። ተማሪው ግን ከቀብር በኋላ፣ አንዳንዴም ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሲሰማ ሐዘኑ በእጥፍ ይሆንበታል። አፈር ሳያለብስ የቀረ ልጅ ያ ነገር ለዓመታት ይቆጨዋል። ከዚያ ወዲህም ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር «ምን ደብቀውኝ ይሆን?» እያለ በሥጋት ያጠናል፤ የሚፈልገው ጸጥታ ራሱ የፍርሃት ምንጭ ይሆንበታል። በሌላ በኩል የሩቅ ዘመድ ሞት በፈተና ዋዜማ መነገሩም አይጠቅምም። መፍትሔው ነገሩ ከመድረሱ በፊት መስማማት ነው፤ የማን ሞት ወዲያው ይነገራል፣ የማን ይቆያል፣ ማንስ ይናገራል? ተናጋሪው አንድ ሰው ሲሆን ወሬው ከቴሌግራም ወይም ከጎረቤት ልጅ አፍ አይሰማም። ተማሪዋም የትምህርት ቤቷን ደንብ አስቀድማ መጠየቅ ይገባታል፤ በሐዘን ምክንያት ፈተና የሚዘዋወር ከሆነ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ማስረጃ እንደሚመለከት በሐዘን ሰዓት መፈለግ ከባድ ነውና።

ጸጥታ ብቻ አይደለም

የቃል ፈተና በጸጥታ ብቻ አይጠናም። በአፍ የሚመለስ ነገር በአፍ መለማመድ ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከቤተሰብ የተሻለ የለም። ታናሽ ወንድም ሸሚዙን አውልቆ ቢቀመጥላት፣ የግራ እጇን መሃል ጣት ደረቱ ላይ አሳርፋ በቀኝ እጇ ጣት እየመታች ሳንባው ያለበት ቦታ እንደ ባዶ ነገር ሲያስተጋባ፣ ጉበቱ ያለበት ደግሞ ድፍን ድምፅ ሲሰጥ ትለያለች። ጤነኛውን መቶ ጊዜ የሰማ ጆሮ ነው ሕመምተኛውን የሚያውቀው። ለልጁም ጨዋታ ይሆንለታል፤ ከጸጥታው ውል ውስጥ የእሱም ድርሻ ይገባል።

አያት ደግሞ ለታሪክ መጠየቅ ልምምድ ምቹ ናቸው። ተማሪዋ በአማርኛ ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም በራሳቸው አነጋገር ወዲያና ወዲህ እያሉ ይመልሳሉ፤ እሷም ያን ሁሉ በፈተናው ቅደም ተከተል አደራጅታ በእንግሊዝኛ ለአባቷ ታቀርባለች። አባት የሕክምና ቃላቱን ባያውቅም ስትደነቃቀፍ፣ ስትመላለስ፣ የዘለለችው ነገር ሲኖር ያስተውላል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይህን ስታደርግ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ልምምድ ሕክምና አይደለም። የእምዬ ደም ግፊት ከፍ ብሎ ብታገኘው መድኃኒት መቀየርም ሆነ ማቋረጥ የእሷ ሥራ አይደለም፤ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ትወስዳቸዋለች።

ስምምነቱ ሲላላ

በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ መልእክትም ሊላላ ይችላል። መላላቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ተማሪዋ ጥናቷን ቀስ በቀስ ወደ እኩለ ሌሊት መግፋት ትጀምራለች፤ ቤቱ የሚረጋው ያን ጊዜ ነውና። እንቅልፏ ሲያጥር ያጠናችው አይያዝላትም፤ ስለዚህ ሰዓት ትጨምራለች፤ እንቅልፏም ይበልጥ ያጥራል። ወይም ቤተሰቡ ከሰዓቱ ውጭም በሹክሹክታ መነጋገርን ይለምዳል፤ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ይህም ስምምነቱ ከተጻፈው በላይ እየከበደ መሄዱን ያሳያል፤ የከበደ ነገር ደግሞ ድንገት ይጣላል።

በሁለቱም መንገድ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እሑድ በቡና ሰዓት አምስት ደቂቃ ወስዶ መነጋገር። «የትኛው ሰዓት አልሆነላችሁም?» ብላ ተማሪዋ ራሷ ትጠይቅ። አንዱ ጊዜ ካልሠራ አጥብቆ ከመለመን ማሳጠር ይሻላል። በእርግጥ የሚከበር አንድ ሰዓት ተኩል፣ በየመሃሉ ከሚቋረጥ ሦስት ሰዓት ይበልጣል።

ሁሉም ሰው የሚዘጋው በር እንደሌለውም መርሳት አይገባም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ቤት የማታውን ጥናት ሆስፒታሉ ወይም ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጨርሶ መምጣት፣ ለቤት የማለዳውን ብቻ ማስቀረት ይሻላል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ማንም አያወራም። የጆሮ መድፈኛ ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ንግግርም እንደሚያውክ አይተናልና፣ ማራገቢያ ወይም ሌላ ወጥ ድምፅ አብሮ ሲኖር ይበልጥ ይረዳል። የጎረቤትን ሙዚቃና የመንገዱን ጩኸት ቤተሰብ ሊከለክል አይችልም፤ ስለዚህም ቤተሰቡን በማይችለው ነገር መውቀስ አይገባም።

ቤተሰብም ከጸጥታው ባሻገር ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ልጅቷ ለቀናት ካልተኛች፣ ምግብ ከተወች፣ ከሰው ሁሉ ከተሸሸገች ወይም «ብወድቅ መኖርም አልፈልግ» የሚል ንግግር ከተሰማባት፣ ጸጥ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። በሩን አንኳኩ። ጥናቷ ይቋረጥ፤ አብራችሁ ወደ ተማሪዎች አማካሪ ወይም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። የመልእክቱ የመጀመሪያ ትርጉም ልጅቷ ደህና ሆና ፈተናው ላይ እንድትደርስ ነው።

ግንቦት 11 ሲመጣ ደግሞ ስምምነቱ በይፋ ይዘጋ። ተማሪዋ አመስግና፣ የቀሩባትን ለቅሶዎችና ደስታዎች ዞራ ትጠይቅ። ከሳምንታት በኋላ ኢንተርን ሆና ስትገባ ቤቱ ሌላ ዓይነት ሰው ይቀበላል፤ ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ ጠዋት የምትመጣ፣ ጥናት ሳይሆን እንቅልፍ የሚያስፈልጋት ሰው። ያን ጊዜ የማታው ሰዓት ለቤተሰቡ ይመለስና የቀኑ ሰዓት ይለመናል። የድሮውን መልእክት ደግሞ መላክ አይጠቅምም፤ አዲስ ቀን፣ አዲስ ሰዓት፣ አዲስ ምክንያት ያለው ሌላ መልእክት ይጻፍ። ይህን ከፈተናው በፊት የተለማመደ ቤተሰብ ሁለተኛውን ለመስማማት ረጅም ጊዜ አይወስድበትም።